በ4.7 እጥፍ የቀረበው አክሲዮን በእርግጥ ስንት እጥፍ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ፋሲሎ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ሁለት ሰዎች የባንክ አክሲዮን ሊሸጡልኝ ይፈልጋሉ። የሁለቱም አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ 1,000 ብር ነው። የመጀመሪያው 1,500 ብር ተጠይቆበታል፤ ባንኩ ባለፈው ዓመት ለአንድ አክሲዮን 320 ብር አትርፏል። ሁለተኛው 1,900 ብር ነው፤ ትርፉ 270 ብር። ዋጋውን ለትርፉ ሳካፍል አንዱ 4.7፣ ሌላው 7 ሆነ። የሁለቱንም ዓመታዊ ሪፖርት አያይዤ ልኬያለሁ። ርካሹን ልግዛ?»

መልስ፦ በላኩልኝ ሪፖርቶች መሠረት የመጀመሪያው አክሲዮን ርካሽ አይደለም፤ ስሌቱ ሲስተካከል እንዲያውም ከሁለተኛው ይወደዳል። ያካፈሉት በትክክል ነው። ችግሩ ያለው የተካፈለበት ቁጥር ላይ ነው።

ፒኢ የሚባለው ንጽጽር የአንድን አክሲዮን ዋጋ አክሲዮኑ በዓመት ለሚያገኘው የተጣራ ትርፍ በማካፈል ይገኛል። 4.7 ማለት ትርፉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢቀጥል የከፈሉትን ዋጋ የሚያህል ትርፍ ለማግኘት 4.7 ዓመት ይበቃል ማለት ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ ያለው «ቢቀጥል» በምትለው ቃል ላይ ነው። ዋጋው ዛሬ ከኪስዎ የሚወጣ የታወቀ ገንዘብ ነው፤ ትርፉ ግን ያለፈው ዓመት ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሚገዙት የሚመጣውን ዓመት ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን ከማመንዎ በፊት 320 ብር የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣና በሚቀጥለው ዓመት ሊደገም መቻሉን መመርመር ያስፈልጋል።

ከአክሲዮኖቹ ብዛት እንጀምር። የመጀመሪያው ባንክ የተጣራ ትርፍ 1.44 ቢሊዮን ብር ነው። ይህ ለ320 ሲካፈል 4.5 ሚሊዮን አክሲዮን ይሰጣል። ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ በዓመቱ መጨረሻ የተመዘገበው የተከፈለ ካፒታል 6 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ አንዱ አክሲዮን 1,000 ብር ስለሆነ፣ የአክሲዮኖቹ ብዛት 6 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ የመጣው ከስህተት ወይም ከማታለል አይደለም። የሂሳብ አያያዝ ደንቡ የአንድን አክሲዮን ትርፍ በዓመቱ አማካይ የአክሲዮን ብዛት እንዲሰላ ያዛል፤ ባንኩ ዓመቱን በ4 ሚሊዮን አክሲዮን ጀምሮ 2 ሚሊዮኑን አዲስ አክሲዮን የሸጠው በመጨረሻው ሩብ ዓመት በመሆኑ፣ አዲሶቹ የተቆጠሩት ለሦስት ወር ብቻ፣ ማለትም እንደ ግማሽ ሚሊዮን አክሲዮን ሆነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን 6ቱም ሚሊዮን ለአሥራ ሁለት ወር ሙሉ ይቆጠራሉ። ያንኑ ትርፍ ለ6 ሚሊዮን ካካፈልነው ለአንድ አክሲዮን 240 ብር ይደርሳል፤ ፒኢውም ከ4.7 ወደ 6.25 ከፍ ይላል። አንድም ነገር ሳይበላሽ፣ አንድም ብር ሳይጎድል ማለት ነው።

አዲሱ ካፒታል በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ትርፍ ያመጣል የሚል ሙግት ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ሙግቱም መሠረት አለው። ነገር ግን ከባለአክሲዮን የተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ብድር ተለውጦ ወለድ እስኪያመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው ትርፉ ባለበት ይቆይና የሚካፈለው ሰው ይበዛል። በአገራችን ባንኮች ይህ በተለይ ጎልቶ የሚታየው ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገ በኋላ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን በብዛት ስለሸጡ ነው። ስለዚህ ዓመታዊ ሪፖርት ሲይዙ በቅድሚያ የሚከፍቱት ገጽ የካፒታል ለውጥ መግለጫው ይሁን፤ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው የተከፈለ ካፒታል በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት ካለ ለአንድ አክሲዮን የተባለውን ትርፍ ራስዎ በዓመቱ መጨረሻ ብዛት እንደገና ያካፍሉት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልለጥጥ። በከተማችን አክሲዮን የሚያሻሽጡ ሰዎች ሪፖርት ይዘው አይመጡም፤ ይዘው የሚመጡት በስልክ የተነሳ የአንድ ገጽ ፎቶ ነው። ባለፈው በጋ አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ፎቶ አሳይቶኝ ነበር። ገጹ በቀለም ያሸበረቀ ሆኖ አምስት ዓመት በአምስት ምሰሶ ተስሎበታል፤ ከምሰሶዎቹ በላይ የተጣራ ትርፍ ይላል፤ ምሰሶዎቹም እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። የአክሲዮኑ ብዛት በዚያው አምስት ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ማደጉን ግን ፎቶው አይናገርም። ጠቅላላው ትርፍ አድጎ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ግን የቀነሰበት ባንክ ነበር። የውጭ ኦዲተር የፈረመበት ሂሳብ ያለው በሪፖርቱ የኋላ ገጾች ነው፤ ከፊት ያሉት ሥዕሎች ኦዲት አይደረጉም።

ሁለተኛው ጉዳይ የትርፉ ምንጭ ነው። የላኩት ሪፖርት በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2025 የተዘጋውን የበጀት ዓመት የሚመለከት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ዕለት ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው ይልቅ የውጭ ምንዛሪ ሀብቱ የሚበልጥ ባንክ ሀብቱ በብር ሲሰላ ዋጋው በአንድ ጊዜ ጨመረለት፤ ጭማሪውም በዚያ ዓመት ትርፍ ላይ ታየ። ዕዳው የሚበልጠው ደግሞ በተቃራኒው ከሰረ። የመጀመሪያው ባንክ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ «የውጭ ምንዛሪ ልዩነት ገቢ» በሚል ርዕስ 400 ሚሊዮን ብር አስመዝግቧል፤ ማብራሪያውን ከፍተው ሲያነቡም አብዛኛው የተገኘው በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ መሆኑን ይረዳሉ። የአንድ የጣና ጀልባ ባለቤት በጥምቀት ሳምንት መንገደኛና ምእመን ወደ ገዳማቱ አመላልሶ ያገኘውን በ52 አባዝቶ «የዓመት ገቢዬ ይህ ነው» ቢልዎ ጀልባውን በዚያ ሂሳብ እንደማይገዙት ሁሉ፣ ይህንንም ገቢ በየዓመቱ እንደሚመላለስ አድርገው አይቁጠሩት።

ከትርፉ ላይ ስናወጣው ግን ሙሉውን 400 ሚሊዮን አናወጣም። ባንኩ በዚህ ገቢ ላይ ግብር ከፍሏል፤ በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር ብናሰላው 120 ሚሊዮኑ የመንግሥት ነበር፤ ስለዚህ ከተጣራው ትርፍ የሚቀነሰው 280 ሚሊዮን ነው። ቀሪው 1.16 ቢሊዮን ብር ለ6 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል 193 ብር ይሆናል፤ በ1,500 ብር ዋጋ ፒኢው 7.8 ገደማ ነው። ሁለተኛው ባንክ በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ 5 ሚሊዮን አክሲዮን ይዞ የቆየ፣ ከምንዛሪ ልዩነት ያገኘውም ገቢ ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ፣ 1.35 ቢሊዮን ብር ትርፉ ለ5 ሚሊዮን ሲካፈል ያው 270 ብር ነው፤ የእርስዎ 7ም እንዳለ ይጸናል። እዚህ ላይ ብቻ ብናቆም እንኳ የርካሽና የውድ ቦታቸው ተለዋውጧል።

ሦስተኛው ጉዳይ በባንክ አክሲዮን ላይ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ እሱም ለተበላሸ ብድር የሚያዘው መጠባበቂያ ነው። የጨርቅ ሱቅዎ ትርፍ የሚታወቀው ዕቃው ሲሸጥ ነው፤ የባንክ ትርፍ ግን በከፊል ግምት ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የተሰጠ ብድር ይመለስ አይመለስ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ አስተዳደሩ ግን በዓመቱ መጨረሻ «ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ላይመለስ ይችላል» ብሎ ገምቶ ከትርፉ ላይ መቀነስ አለበት። ግምቱ ሲያንስ ትርፉ ይተልቃል። የመጀመሪያው ባንክ 30 ቢሊዮን ብር ብድር አለው። በሪፖርቱ የብድር ማብራሪያ ላይ በሦስተኛው ደረጃ የተመደበው፣ ማለትም አከፋፈሉ የተቋረጠውና እንደ ተበላሸ የሚቆጠረው ብድር፣ በአንድ ዓመት ከ700 ሚሊዮን ወደ 1.4 ቢሊዮን ብር አድጓል። ለዚሁ ብድር የተያዘው መጠባበቂያ ግን ከ350 ወደ 400 ሚሊዮን ብቻ ነው ያደገው። የተበላሸው ከጠቅላላ ብድሩ 4.7 በመቶ ስለሆነና ብሔራዊ ባንክ ካስቀመጠው የ5 በመቶ ጣሪያ ስለማያልፍ፣ የፊተኛው ገጽ «ጤናማ የብድር ይዞታ» ቢል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን አምና ለእያንዳንዱ የተበላሸ ብር 50 ሳንቲም ተይዞለት ነበር፤ ዘንድሮ የተያዘለት 29 ሳንቲም ገደማ ነው።

ለዚህ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። አዲስ የተበላሹት ብድሮች ጥሩ ቤትና ቦታ በመያዣነት የተያዘባቸው ከሆኑ አነስተኛ መጠባበቂያ ያስኬዳል። ሆኖም መያዣው በሰላምና በሞቀ ገበያ ጊዜ የተገመተ እንደሆነና ዛሬ በሐራጅ ቢወጣ ገዥ ያገኝ እንደሆነ ማብራሪያው ካልነገረዎት፣ ጠንቃቃ አንባቢ የአምናውን ልክ ይዞ ያሰላል። በአምናው ልክ 700 ሚሊዮን መያዝ ነበረበት፤ 300 ሚሊዮን ጎድሏል፤ ከግብር በኋላ 210 ሚሊዮን ነው። ትርፉ ወደ 950 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ለአንድ አክሲዮን 158 ብር፣ ፒኢውም 9.5 ይሆናል። ሁለተኛው ባንክ ግን የተበላሸ ብድሩም መጠባበቂያውም ተያይዘው ስላደጉ ከትርፉ ላይ የምቀንሰው አላገኘሁም። የመጨረሻዋ ማስተካከያ ከቀደሙት ሁለቱ የምትለየው ግምት ስለሆነች ነው፤ የአክሲዮን ብዛቱና የምንዛሪ ገቢው በሪፖርቱ ላይ በግልጽ የተጻፉ ናቸው፤ ይህኛው ግን የእኔ ፍርድ ነው፤ ሌላ ባለሙያ 40 ሳንቲም ይበቃል ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው አክሲዮን ፒኢ ከ7.8 እስከ 9.5 ባለው መካከል ነው ብሎ መያዝ አንድ ቁጥር ላይ ከመድረቅ ይሻላል።

አሁን ወደ መዝገብ ዋጋ እንለፍ፤ ፒኢ ብቻውን የማይነግረንን ይነግረናልና። የመዝገብ ዋጋ ማለት ባንኩ ዕዳውን ሁሉ ቢከፍል ለባለአክሲዮኖች የሚቀረው ሀብት ለአክሲዮን ብዛት ሲካፈል ነው፤ የተከፈለ ካፒታሉን፣ ሕጋዊ መጠባበቂያውንና ያልተከፋፈለ ትርፉን ይይዛል። የመጀመሪያው ባንክ ጠቅላላ የባለአክሲዮኖች ሀብት 8.4 ቢሊዮን ብር ነው፤ ለአንድ አክሲዮን 1,400 ብር። ሻጭዎ «ሀብቱ 1,400 ብር የሆነውን በ1,500 ነው የምሰጥዎ» ቢልዎት ከዚህ ተነስቶ ነው። ነገር ግን በዚህ 8.4 ቢሊዮን ውስጥ የዓመቱ ትርፍ ገና ሳይከፋፈል ተቀምጧል። ባንኮች ሕጋዊ መጠባበቂያቸው ከካፒታላቸው እኩል እስኪሆን ድረስ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን ወደ መጠባበቂያ ማስገባት ስላለባቸው፣ ከ1.44 ቢሊዮኑ 360 ሚሊዮኑ ባንኩ ውስጥ ይቀራል፤ 1.08 ቢሊዮኑ ግን ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነ ለባለአክሲዮኖች የሚከፋፈል ነው። የሚከፋፈለው ለማን ነው? በውሉ ላይ የዓመቱ የትርፍ ድርሻ የሻጩ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ እንደተለመደውም እንዲሁ ነው የሚጻፈው፣ ይህ ገንዘብ እርስዎን አያገኝዎትም። ሲወጣ 7.32 ቢሊዮን ይቀራል፤ ለአንድ አክሲዮን 1,220 ብር ነው። እርስዎ ለ1,220 ብር ሀብት 1,500 ብር እየከፈሉ ነው፤ 1.23 እጥፍ ማለት ነው።

ሁለተኛው ባንክ በተመሳሳይ መንገድ የሚከፋፈለው ትርፍ ከወጣ በኋላ 7.5 ቢሊዮን ብር ሀብት አለው፤ ለአንድ አክሲዮን 1,500 ብር ይደርሳል፤ በ1,900 ብር ዋጋ 1.27 እጥፍ ነው። በመዝገብ ዋጋ ሲታዩ እንግዲህ እኩል ለማለት ይቀርባሉ። የሚለያዩት በዚያ ሀብት በሚሠሩበት አቅም ነው። የመጀመሪያው በ7.32 ቢሊዮን ብር 1.16 ቢሊዮን ያተርፋል፤ ከ100 ብር 16 ብር ገደማ ነው፤ መጠባበቂያውን ካስተካከልን ደግሞ 13። ሁለተኛው ከ100 ብር 18 ብር ያተርፋል። ሦስቱ ልኬቶች የተሳሰሩ ናቸው፤ ዋጋው የመዝገብ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሆነ አውቀው በካፒታል ላይ ለተገኘው ትርፍ ሲያካፍሉት ፒኢው ይመጣል፤ 1.27 ለ0.18 ሲካፈል 7 ነው፤ 1.23 ለ0.158 ሲካፈል 7.8 ነው። በዚህ መንገድ ስሌትዎን መፈተሽ ይችላሉ፤ ካልገጠመ አንዱ ቁጥር ከሌላ ዓመት ወይም ከሌላ የአክሲዮን ብዛት የተወሰደ ነው።

ስለ ትርፍ ድርሻ ብዙ አልልም። ከሁለተኛው ባንክ 270 ብር ውስጥ ከ25 በመቶው ሕጋዊ መጠባበቂያ የሚተርፈው 202 ብር ገደማ ስለሆነ በ1,900 ብር ላይ 10.7 በመቶ ያህል ይመጣል፤ ከመጀመሪያው 193 ብር ላይ 145 ብር ይተርፋል፤ በ1,500 ብር ላይ 9.7 በመቶ ነው። ከዚህ ላይ የትርፍ ድርሻ ግብር ይቀነሳል። ዋናው ጥያቄ ግን ገንዘቡ በእጅዎ ይገባል ወይ የሚለው ነው፤ ካፒታል ለማሳደግ ሲባል ጉባኤዎች የትርፍ ድርሻው በአክሲዮን መልክ እንዲከፈል የወሰኑባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለሱቅ ኪራይ አስበው ከሆነ የሚገዙት፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የጉባኤ ውሳኔ ከባንኩ የአክሲዮን ክፍል ጠይቀው ይወቁ። እግረ መንገድዎንም ሻጩ በመዝገብ ላይ ባለቤት መሆኑን፣ አክሲዮኖቹ ሙሉ በሙሉ የተከፈሉና በዋስትና ያልታገዱ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

አንድ ገደብ ደግሞ በዋጋው በኩል አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ በዚያ የተመዘገበ አክሲዮን ዋጋው በግልጽ ይታያል። ለእርስዎ ሁለት አክሲዮኖች የተጠየቀው ዋጋ ግን ከአሻሻጭ አፍ የወጣ ነው፤ ሌላ ሰው በዚያ ዋጋ መግዛቱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ፒኢው የሚነግርዎ ሻጩ ስንት እጥፍ እንደጠየቀ ብቻ ነው፤ ገበያው ስንት እጥፍ እየከፈለ እንደሆነ አይነግርዎትም። እነዚህን ቁጥሮች ከሲሚንቶ ወይም ከቢራ ኩባንያ ፒኢ ጋር አያወዳድሩ፤ በተለይ ደግሞ በውጭ አገር ከሚነበበው የ20 እና የ25 እጥፍ ጋር። የወለዱ መጠን፣ የዋጋ ንረቱና አክሲዮኑን መልሶ ለመሸጥ ያለው ችግር ሁሉ የተለየ ነው።

ወደ ድርድሩ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ባንክ ከሁለተኛው ጋር በእኩል ፒኢ እንዲገኝ ዋጋው 1,360 ብር አካባቢ መሆን ይኖርበታል፤ የመጠባበቂያውን ጉድለት እንደ እኔ የሚቆጥሩት ከሆነም 1,115 ብር ገደማ። ሻጩ የዘንድሮው የትርፍ ድርሻ ለእርስዎ እንዲተላለፍ በውል ከተስማማ፣ ድርሻው ከግብር በኋላ የሚኖረውን መጠን በእነዚህ ዋጋዎች ላይ መጨመር ይችላሉ፤ ሻጩ አክሲዮኖቹን የገዛው በመጨረሻው ሩብ ዓመት ከሆነ ግን ድርሻው የሚሰላው ገንዘቡን ከከፈለበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ የአክሲዮን ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ሳያዩ አይጨምሩ።